ግማሽ የሚቆጠረው ነጥብ

ጥያቄው በአንድ መስመር ያልቃል። በቁጥር መስመሩ ላይ ማለቂያ ከሌለው ግራ እስከ ማለቂያ ወደሌለው ቀኝ ድረስ፣ ይህ ፈንክሽን ከሚሠራው ጥምዝ ሥር ያለው ስፋት ስንት ነው?

sin x / ( x (x² + 1) )

መልሱ π − π/e ነው፤ በአሥርዮሽ 1.986 ገደማ ይሆናል። ይህን መልስ ያየ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። π ከሳይን ጋር ስለሚዘወተር እዚህ መገኘቱ አያስደንቅም። 2.718 ገደማ የሆነው e ግን በጥያቄው ውስጥ የትም የለም። ደግሞስ መልሱ ለምን በሁለት ተከፈለ? ኮምፕሌክስ አናሊሲስ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ለዚህ ቁርጥ ያለ ምላሽ አለው። የመልሱ ሁለት ክፍሎች የመጡት ከሁለት የተለያዩ ነጥቦች ነው። አንዱ ነጥብ ከቁጥር መስመሩ በላይ ይገኛል። ሌላው ግን መስመሩ ላይ ራሱ ተቀምጧል፤ ስለዚህም የሚቆጠረው ግማሽ ብቻ ነው።

በ12ኛ ክፍል ኢንተግራል የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው መንገድ ይታወቃል። ዴሪቬቲቩ የተሰጠውን ፈንክሽን የሚሆን ሌላ ፈንክሽን ይፈልጋል፤ ከዚያ የሁለቱን ጫፎች ዋጋ አስገብቶ ይቀንሳል። እዚህ ግን ይህ መንገድ አያስኬድም። በፖሊኖሚያል፣ በሳይንና ኮሳይን፣ በሎጋሪዝምና በመሳሰሉት ተገጣጥሞ የሚጻፍ እንዲህ ያለ ፈንክሽን የለም።

መውጫውን የከፈተው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ ነው። ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1814፣ በ25 ዓመቱ፣ እንዲህ ያሉ ኢንተግራሎችን የሚመለከት ጥናት ለፓሪሱ የሳይንስ ተቋም አቀረበ። ሐሳቡን በቀጣዮቹ ዓመታት እያጠራው ሄዶ በ1826 የስሌቱን ዋና ዕቃ «ሬዚዱ» ብሎ ሰየመው። የኮሺ ዘዴ ከቁጥር መስመሩ ወጥቶ ዙሪያውን ባለው ጠለል ላይ መዞርን ይጠይቃል።

ጠለሉ የኮምፕሌክስ ቁጥሮች ጠለል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ z = x + iy ተብሎ ይጻፋል፤ x ወደ ጎን፣ y ወደ ላይ ይለካል፤ i ደግሞ ራሱን በራሱ ሲያባዙት −1 የሚሰጥ ቁጥር ነው። የለመድነው የቁጥር መስመር በዚህ ጠለል መካከል አግድም የተዘረጋ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ኮሺ ያረጋገጠው ነገር ቢኖር፣ በጠለሉ ላይ ተነስቶ ወደ መነሻው በሚመለስ ዝግ መንገድ ላይ አንድን ፈንክሽን ብንደምር፣ በመንገዱ ውስጥ ፈንክሽኑ የሚበላሽበት ነጥብ እስከሌለ ድረስ ድምሩ ዜሮ መሆኑን ነው።

የሚበላሽ ነጥብ ሲኖርስ? እዚህ የሚያስፈልገን አንድ ዓይነት ብልሽት ብቻ ነው። ታህቱ ዜሮ ሲሆንና ፈንክሽኑ በነጥቡ ዙሪያ ልክ እንደ c/(z − a) ሲያሻቅብ፣ ነጥቡ a ቀላል ፖል ይባላል። ላይ ያለው ቁጥር c ደግሞ የፖሉ ሬዚዱ ነው። አሁን በፖሉ ዙሪያ ሬዲየሱ r በሆነ ክብ ላይ እንዙር። በክቡ ላይ z − a ማለት r·e^(iθ) ነው፤ θ የዞርንበት ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ በጥቂቱ በ dθ ሲጨምር z በ dz = i(z − a)dθ ይቀየራል። ይህን ካስገባን z − a ከላይና ከታች ይጣፋና የሚከተለው ብቻ ይቀራል፦

c·dz / (z − a) = i·c·dθ

ሬዲየሱ r ከስሌቱ ጠፍቷል። ክቡ ትልቅም ይሁን ኢምንት፣ ድምሩ የሚወሰነው በዞርነው ማዕዘን ብቻ ነው። ሙሉ ዙር 2π ስለሆነ 2πi·c እናገኛለን። ግማሽ ዙር π ስለሆነ πi·c ብቻ እናገኛለን። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ የመጀመሪያው ውሳኔ በጠለሉ ላይ የትኛውን ፈንክሽን እንደምር የሚለው ነው። x የነበረበት ቦታ ሁሉ z መጻፍ ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ ሳይን ግን ከመስመሩ ሲወጣ ጠባዩ ይለወጣል። በመስመሩ ላይ ከ1 አልፎ የማያውቀው ሳይን፣ ከዜሮ ወደ ላይ 10 እርምጃ ሲወጣ መጠኑ 11,013 ይደርሳል። ዝጉን መንገድ የምንዘጋው በላይ በኩል ስለሆነ ይህ ዕድገት ስሌቱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ በሳይን ፋንታ e^(iz) ይገባል። በመስመሩ ላይ e^(ix) = cos x + i·sin x ስለሆነ፣ የምንፈልገው ሳይን የውጤቱ ኢማጂናሪ ክፍል ሆኖ ይወጣል። እዚያው 10 እርምጃ ከፍታ ላይ ደግሞ e^(iz) ወደ 0.000045 ይወርዳል።

የምንሠራበት ፈንክሽን እንግዲህ ይህ ነው፦

f(z) = e^(iz) / ( z (z² + 1) )

ይህ ምርጫ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ፈንክሽን በዜሮ ላይ ምንም ችግር አልነበረበትም፤ sin x እና x እኩል ወደ ዜሮ ስለሚወርዱ ክፍልፋዩ ወደ 1 ይጠጋል። በ f ግን ላዕሉ በዜሮ ላይ 1 ነው፤ ታህቱ ዜሮ ነው። ሳይን ሸፍኖት የነበረው ብልሽት ኮሳይን ሲጨመር ተገለጠ። በዚህ ምክንያት ፖሉ የሚወድቀው ልንሄድበት በፈለግነው መንገድ ላይ፣ በቁጥር መስመሩ መካከል ነው። z² + 1 ዜሮ የሚሆንባቸው ሁለት ፖሎችም አሉ፦ አንዱ i ላይ፣ ከመስመሩ በላይ፤ ሌላው −i ላይ፣ ከመስመሩ በታች።

በመስመሩ ላይ የተቀመጠ ፖል ሁለት ነገር ያስገድዳል። አንደኛው፣ «ኢንተግራል» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በትክክል መናገር ነው። ቀላሉ ምሳሌ ከ−1 እስከ 1 ያለው የ1/x ኢንተግራል ነው። በዜሮ ዙሪያ ከ−ε እስከ ε ያለውን ትንሽ ክፍተት ቆርጠን ብናወጣ፣ የግራው ኔጋቲቭ ስፋትና የቀኙ ፖዘቲቭ ስፋት ፍጹም እኩል ስለሆኑ ድምሩ ዜሮ ነው። በቀኝ በኩል ግን ከ ε ይልቅ እስከ 2ε ብንቆርጥ ድምሩ −ln 2፣ ማለትም −0.693 ገደማ ይሆናል። ε የቱንም ያህል ቢያንስ ይህ ልዩነት አይጠፋም። ስለዚህ መልሱ በአቆራረጡ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ኮሺ በ1823 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፉ ከግራና ከቀኝ እኩል ተቆርጦ የሚገኘውን ውጤት «ዋና ዋጋ» አለው። በፖል ላይ የሚያልፍ ኢንተግራል ሲሰላ የሚሰላው ይህ ዋጋ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም።

በእኛ ጥያቄ ይህ ስምምነት ምንም አያጓድልም። በዜሮ ላይ የሚያሻቅበው የኮሳይን ክፍል በግራና በቀኝ ተቃራኒ ምልክት ስላለው፣ እኩል ሲቆረጥ ይጣፋል። የሳይኑ ክፍል ደግሞ በዜሮ ላይ ጤነኛ ስለሆነ እንዴትም ቢቆረጥ መልሱ አንድ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ በፖሉ ላይ ሳይረግጡ ማለፍ ነው። ስለዚህ መንገዳችን አራት ቁራጭ ይኖረዋል። ከ−R ተነስተን በመስመሩ ላይ እስከ −ε እንመጣለን። ከዚያ ሬዲየሱ ε በሆነ ትንሽ ግማሽ ክብ ዜሮን በላይ በኩል ተሻግረን ε ላይ እንወርዳለን። ከ ε እስከ R በመስመሩ ላይ እንቀጥላለን። በመጨረሻም ሬዲየሱ R በሆነ ትልቅ ግማሽ ክብ በላይ ዞረን −R ላይ እንመለሳለን። በዚህ ዝግ መንገድ ውስጥ የቀረው ፖል i ብቻ ነው፤ ዜሮ ከትንሹ ቅስት በታች፣ −i ደግሞ ከመስመሩ በታች ናቸው።

አራቱን ቁራጮች ተራ በተራ እንያቸው። በትልቁ ቅስት ላይ የ e^(iz) መጠን ከ1 አይበልጥም፤ የታህቱ መጠን ከ R(R² − 1) አያንስም፤ የቅስቱ ርዝመት ደግሞ πR ነው። ስለዚህ የቅስቱ ድርሻ ከ π/(R² − 1) አይበልጥም። R 100 ሲሆን ይህ 0.0003 ገደማ ነው፤ R ሲያድግ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ትንሹ ቅስት ግን ወደ ዜሮ አይወርድም፤ የዚህ ስሌት ቁልፍም እዚህ ነው። ርዝመቱ እያጠረ ሲሄድ ፈንክሽኑ በዚያው ልክ እያሻቀበ ይሄዳል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ። በዜሮ ላይ ያለውን ሬዚዱ ለማግኘት z የሚለውን ከታህቱ አንስተን በቀረው ላይ z = 0 እናስገባለን፦ e⁰/(0 + 1) = 1። ቅስቱ ግማሽ ዙር ነው፤ የሚዞረውም የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ ማዕዘኑ −π ነው። ስለዚህ ድርሻው −πi ይሆናል።

በ i ላይ ያለው ሬዚዱም በተመሳሳይ መንገድ ይገኛል። z² + 1 ማለት (z − i)(z + i) ነው። z − i የሚለውን አንስተን በቀረው ላይ z = i ስናስገባ ላዕሉ e^(i·i) = e^(−1) ይሆናል፤ ታህቱ i·2i = −2 ነው። ሬዚዱው እንግዲህ −1/(2e) ነው። በጥያቄው ያልነበረው e የገባው በዚህ በር ነው፤ i ላይ የቆመው ፖል ከመስመሩ አንድ እርምጃ ከፍ ስለሚል e^(iz) በዚያ ከፍታ ላይ 1/e ሆኗል። ፖሉ ሁለት እርምጃ ከፍ ቢል ኖሮ በ1/e ፋንታ 1/e² ይመጣ ነበር።

አሁን የቀረው መደመር ነው። በመስመሩ ላይ ያሉትን ሁለት ቁራጮች ድምር I ብንለው፦

I − πi + 0 = 2πi · (−1/(2e)) = −πi/e

I = πi − πi/e

የዚህ ኢማጂናሪ ክፍል π − π/e ነው፤ ኮሳይን የነበረበት ሪል ክፍል ደግሞ እንደተጠበቀው ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ዜሮን በላይ በኩል የተሻገርነው በፈቃዳችን ነው፤ በታች በኩል ብንሄድስ መልሱ ይለወጣል? በታች ስንሄድ ዜሮ በዝጉ መንገድ ውስጥ ስለሚገባ በቀኝ በኩል ሙሉ 2πi·1 ይጨመራል። ትንሹ ቅስት ግን አሁን በተቃራኒው ስለሚዞር ድርሻው +πi ነው። 2πi ሲቀነስ πi ያው πi ነው፤ መልሱ አይነቃነቅም። በሁለት ጎረቤቶች ድንበር ላይ የበቀለ ዛፍ ለየትኛውም ግቢ ሙሉ እንደማይቆጠር ሁሉ፣ መስመሩ ላይ ያለው ፖልም በየትኛውም በኩል ቢታለፍ ግማሽ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ቅስቱን በየጊዜው መሳል ትተው ሕጉን አሳጥረው ይጽፉታል፤ ከመስመሩ በላይ ላለ ፖል 2πi በሬዚዱው፣ መስመሩ ላይ ላለ ቀላል ፖል πi በሬዚዱው።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ግማሽ ላይ ነው። አንዱ ዜሮን ሙሉ ይቆጥረዋል፤ መልሱም 2π − π/e፣ ማለትም 5.13 ገደማ ይሆናል። ሌላው ጭራሽ ይረሳዋል፤ −π/e፣ ማለትም −1.16 ገደማ ያገኛል። ሁለቱም ስሕተት መሆናቸውን ለማወቅ ሙሉውን ስሌት መከለስ አያስፈልግም። የ sin x / x መጠን ከ1 አይበልጥም፤ ስለዚህ ጥምዙ በየትኛውም ቦታ ከ 1/(x² + 1) በላይ አይወጣም። የዚያ ጥምዝ ስፋት በሙሉ π፣ 3.14 ገደማ ነው። ስለዚህ 5.13 ሊሆን አይችልም።

ኔጋቲቩንም ዋጋዎቹን በማስላት ብቻ መጣል ይቻላል። ፈንክሽኑ በ0 ላይ 1፣ በ1 ላይ 0.42፣ በ2 ላይ 0.09 ነው፤ በ4 ላይ −0.011 ሆኖ ከዚያ ወዲያ በዜሮ ዙሪያ በትንሹ ይወዛወዛል። ከ−4 እስከ 4 ያለውን በግማሽ እርምጃ እየከፋፈለ በካልኩሌተር የደመረ ሰው 2.01 ገደማ ያገኛል። ከ4 ወዲያ ያለው ጅራት ትንሽ ቀንሶለት ድምሩ 1.986 ላይ ይረጋጋል።

የመልሱን ሁለት ክፍሎች ለመለየት ሌላም መንገድ አለ። x² + 1 የሚለውን ከታህቱ ብናነሳ sin x / x ብቻ ይቀራል። በ i ላይ ያለው ፖል አብሮ ይጠፋል፤ መስመሩ ላይ ያለው ብቻ ይቀራል። መልሱም π ብቻ ይሆናል፤ −π/e የለም። በዚህ ጊዜ ግን ትልቁ ቅስት ጥንቃቄ ይሻል። ታህቱ R ብቻ ስለሆነ የቀድሞው ግምት π ላይ ቆሞ ይቀራል፤ አይወርድም። ያም ሆኖ e^(iz) ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ሲል በፍጥነት ስለሚከስም፣ በቅስቱ ላይ ያለው ትክክለኛ ድምር ከ π/R አይበልጥም። ይህ በፈረንሳዊው ካሚል ዦርዳን ስም የዦርዳን ሌማ ይባላል። የቅስቱን መጥፋት ሳያረጋግጥ ያለፈ ሰው ትክክለኛ መልስ ቢያገኝ እንኳ ያገኘው በአጋጣሚ ነው።

የግማሹ ሕግ ወሰንም አለው፤ የሚሠራው ለቀላል ፖል ብቻ ነው። በዜሮ ላይ 1/z የነበረው 1/z² ቢሆን፣ z ከላይና ከታች መጣፋቱ ይቀራል። ከ−ε ወደ ε በትንሹ ቅስት ላይ ሲደመር ውጤቱ −2/ε ነው፤ ε 0.001 ሲሆን −2,000 ይደርሳል። ይህ የሚያጋጥመው ለምሳሌ (1 − cos x)/x² ሲሰላ ነው። ፈንክሽኑ ራሱ በዜሮ ላይ ጤነኛ ነው፤ ዋጋው ወደ 1/2 ይጠጋል። ሰው ግን ኮሳይኑን ብቻ ነጥሎ e^(iz)/z² ብሎ ከጀመረ ድርብ ፖል ይዞ ይቀራል። መፍትሔው 1ን ሳይነጥሉ (1 − e^(iz))/z² ብሎ መጀመር ነው። በዜሮ አጠገብ 1 − e^(iz) እንደ −iz ስለሚሆን ድርብ ፖሉ ወደ ቀላል ይወርዳል፤ ሬዚዱው −i ይሆናል። πi ጊዜ −i ደግሞ π ነው፤ የዚህ ኢንተግራል ትክክለኛ ዋጋም π ነው።

በላይና በታች የማለፍ ነገር በፊዚክስ ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። የፊዚክስ ሰዎች መንገዱን ከማጉበጥ ይልቅ ፖሉን ራሱን በኢምንት መጠን ε ከመስመሩ ያርቁታል፤ በ1/x ፋንታ 1/(x + iε) ወይም 1/(x − iε) ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ፖሉን ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ይገፋዋል። ε ወደ ዜሮ ሲወርድ የሚቀረውን ዩሊያን ሶኾትስኪ በ1873 አሳየ፤ በ1908 ደግሞ ዮሲፕ ፕሌሜሊ አጠናከረው። አብሮት የሚደመረው ፈንክሽን በዜሮ ላይ ዋጋው 1 ከሆነ፣ በሁለቱም ምርጫ የኮሺው ዋና ዋጋ ይገኛል፤ ፖሉ ወደ ታች ሲገፋ πi ይቀነስለታል፣ ወደ ላይ ሲገፋ πi ይጨመርለታል። የሁለቱ ምርጫዎች ልዩነት 2πi ነው፤ ይህም ፖሉን ሙሉ ዙር የዞረ ሰው የሚያገኘው መጠን ነው።